የአመክሮ ቦርድ ምን ይመዝናል? ከመፈታት ጋር የሚመጡት ግዴታዎችስ ከየት ይመነጫሉ?

“ጸባዩ ጥሩ ነው፣ ጊዜውም ደርሷል፤ ታዲያ ለምን ከለከሉት?” የአመክሮ ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ታራሚ ቤተሰብ ይህን መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ከልብ የመነጨ ነው፤ ግን ሁለት የተሳሳቱ ግምቶችን ይዟል። አንደኛው፣ ጊዜው ሲደርስ መፈታት መብት ይሆናል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ቦርዱ ለጥሩ ጸባይ ሽልማት ይሰጣል የሚለው ነው። ጊዜው መድረሱ የሚሰጠው ጉዳይን የማሳየት ዕድል ብቻ ነው። ጥሩ ጸባይም ቦርዱ ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ ቢሆንም ብቻውን በር አይከፍትም።

አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፣ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነም ሃያ ዓመት የታሰረ ሰው በአመክሮ እንዲፈታ ማዘዝ የሚችለው ፍርድ ቤት ነው። በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ከኅዳር 1987 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተፈጸሙ ወንጀሎች አመክሮን አስቀርቷል። በካናዳ ደግሞ ውሳኔው የአንድ ራሱን የቻለ ቦርድ ነው። እዚህ የምከተለው የካናዳን አሠራር ነው። የ1992 እ.ኤ.አ. ሕጋቸው ሚዛኑን በግልጽ ቃል አስፍሮታል፤ ቦርዱም ለእያንዳንዱ ውሳኔ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ስለዚህ የአንድን ሰው ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል ይቻላል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይለይ። አመክሮ ይቅርታም ምሕረትም አይደለም፤ ፍርዱን አይሰርዝም፣ ቅጣቱንም አያሳጥርም። ስድስት ዓመት የተፈረደበት ሰው ስድስቱንም ዓመት ይፈጽማል። የሚለወጠው ቅጣቱን የሚፈጽምበት ቦታ ነው፤ የመጨረሻውን ክፍል በኅብረተሰቡ መካከል፣ በክትትል ሥር ያሳልፈዋል። ግዴታዎች የሚጣሉበትም፣ ሲጥስ ተመልሶ የሚታሰረውም ለዚሁ ነው። ቅጣቱ ገና አላለቀም።

ቀኖቹ እንዴት ይሰላሉ

ለምሳሌ አንድ ሰው እናንሳ። ታሪኩን ለማብራሪያ የፈጠርኩት ነው፤ ሕጉ ግን እውነተኛው ነው። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነው። ሥራውን አጣ፣ ከሚስቱ ተለያየ፣ ከዓመታት በፊት ወደተወው ኮኬይን ተመለሰ፤ ዕፁን ለሚሸጥለት የድሮ ጓደኛውም ዕዳ ገባ። ዕዳውን ለመክፈል በሁለት ሌሊት ሁለት የነዳጅ ማደያዎችን በቢላዋ አስፈራርቶ ዘረፈ። ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

በካናዳ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው የፌዴራል ታራሚ ይሆናል። ሙሉ አመክሮ መጠየቅ የሚችለው በአብዛኛው የቅጣቱን አንድ ሦስተኛ ወይም ሰባት ዓመት፣ ከሁለቱ አጭሩን ሲፈጽም ነው። ለዚህ ሰው ሁለት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ማለትም በዓመት ከስድስት ወሩ፣ የቀን አመክሮ ሊሰጠው ይችላል። የቀን አመክሮ ያገኘ ሰው ቀን ወጥቶ ይሠራል ወይም ይማራል፤ ማታ ግን ክትትል ወዳለበት የሽግግር መኖሪያ ተመልሶ ያድራል። ሦስተኛው ቀን አራተኛው ዓመት ላይ ነው። የቅጣቱ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ሕጉ ራሱ ያስወጣዋል፤ ይህ በቦርዱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ ተብለው በልዩ ሥርዓት እንዲቆዩ የሚደረጉ አሉ፤ እነሱ ጥቂት ናቸው። በሕግ የሚወጣውም ሰው ቢሆን እስከ ስድስተኛው ዓመት መጨረሻ ከነግዴታው ነው የሚኖረው።

ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ስሌት ሌላ ነው። በሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ በሚባለው የሰው ግድያ ከሆነ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሙሉ አመክሮ መጠየቅ አይችልም። ሃያ አምስት ዓመቱ ሲሞላም የሚወጣበት ቀን ደረሰ ማለት አይደለም፤ ማመልከት ጀመረ ማለት ነው። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ የሚለው ድንጋጌም አይመለከተውም፤ ዕድሜ ልክ ሁለት ሦስተኛ የለውምና። ቢፈታም እስኪሞት ድረስ በአመክሮ ሥር ነው።

ሚዛኑ ሁለት ጥያቄ ነው

ሕጉ ቦርዱን ሁለት ነገር እንዲጠይቅ ያዘዋል። የመጀመሪያው፣ ይህ ሰው ቢፈታ ቅጣቱ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ውስጥ ዳግም ወንጀል በመፈጸም በኅብረተሰቡ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ሥጋት ይሆናል ወይ? ሁለተኛው፣ መፈታቱ ሕግ አክባሪ ሆኖ ወደ ኅብረተሰቡ እንዲመለስ በመርዳት ለኅብረተሰቡ ጥበቃ ይጠቅማል ወይ?

“ተቀጥቶ ይበቃዋል ወይ?” የሚል ጥያቄ እዚህ የለም። የቅጣቱ መጠን የዳኛው ጉዳይ ነበር፤ ተወስኖ አልቋል። “ጥሩ ሰው ሆኗል ወይ?” የሚልም የለም። ቦርዱ ሥጋት ፈጽሞ እንዳይኖር አይጠብቅም፤ እንደዚያ ቢሆን ማንም አይፈታም ነበር። የሚጠይቀው ሥጋቱ ውጭ ሆኖ ሊያዝ የሚችል መሆን አለመሆኑን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን እውነት ይዟል። ሰውየው ዞሮ ዞሮ ይወጣል። ጥቂት በጥቂት፣ በክትትል፣ ሥራና መኖሪያ ይዞ ቢወጣ ይሻላል ወይስ የመጨረሻው ቀን ላይ በር ተከፍቶለት ያለ ማንም ረዳት? እኔ በበኩሌ ሕጉ ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ማስፈሩ ከድንጋጌዎቹ ሁሉ የበሰለው ይመስለኛል።

ቦርዱ ፊት የሚቀርበው ዶሴ የሚጀምረው ከወንጀሉ ነው፤ ከዚያም የቀደመ የወንጀል ታሪክ ይከተላል። አንድ ቁጥርም አለ። ከዕድሜ፣ ከቀደሙ ጥፋቶች ብዛትና ከመሳሰሉት ተነሥቶ የሚሰላ ግምት ነው። ይህን ቁጥር በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። የካናዳው መለኪያ በጥሩው ጫፍ ላይ ላለ ታራሚ “እንደ እሱ ካሉ አምስት ሰዎች አራቱ ከተፈቱ በኋላ ከባድ ወንጀል አይፈጽሙም” ይላል፤ በመጥፎው ጫፍ ላይ ላለው ደግሞ “ከሦስት አንዱ ብቻ አይፈጽምም” ይላል። ይህ ስለ ቡድን የተነገረ ነው። ፊታችን የተቀመጠው ሰው ከአራቱ ይሁን ከአንዱ ቁጥሩ አያውቅም። በዚያ ላይ ሰውየው እስር ቤት ውስጥ ያደረገው ለውጥ ቁጥሩን አይነካውም፤ ቁጥሩ የተሠራው ካለፈ ታሪኩ ነውና። ስለዚህ ቁጥሩ የውይይቱ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ራስን መግዛቱ፣ በማረሚያ ቤት ውስጥ ያለው ባሕርይ፣ የወሰዳቸው የማረሚያ ትምህርቶችና ከእነሱ ምን እንደያዘ፣ በመጨረሻም የመውጫ ዕቅዱ ይመዘናል። ጉዳዩን የሚከታተለው የአመክሮ ኦፊሰር ይህን ሁሉ በአንድ ሪፖርት አጠቃሎ የራሱን የውሳኔ ሐሳብ ይጨምርበታል። ቦርዱ ግን የማረሚያ ቤቱ አካል አይደለም፤ በኦፊሰሩ ሐሳብም አይገደድም። ታራሚው ቦርዱ የሚመለከተውን መረጃ ወይም ጭብጡን ቢያንስ ከአሥራ አምስት ቀን በፊት የማግኘት መብት አለው። ይህ መብት ብዙ ጊዜ በደንብ አይሠራበትም። ዶሴው ውስጥ የተሳሳተ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የሌላ ሰው የዲሲፕሊን ክስ በስሙ ተጽፎ ከሆነ፣ ማረም የሚሻለው ስብሰባው ላይ ከመከራከር በፊት በእነዚያ ቀናት ነው።

ስብሰባው ላይ የሚሆነው

ስብሰባው ችሎት አይመስልም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የቦርድ አባላት፣ ታራሚው፣ ኦፊሰሩና ታራሚው የመረጠው አንድ ረዳት ይቀመጣሉ። ረዳቱ ጠበቃ ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ ወይም የሃይማኖት አባትም ሊሆን ይችላል። የወንጀሉ ተጎጂዎች መጥተው የደረሰባቸውን ጉዳት በራሳቸው አንደበት መግለጽ ይችላሉ። ጥያቄዎቹን የሚመልሰው ግን ታራሚው ራሱ ነው። አባላቱ ፍርዱን እንደገና አይመረምሩም፤ ጥፋተኛ መባሉን እንደተረጋገጠ ነገር ወስደው ከዚያ ይነሣሉ።

የኛ ሰው ሁለት ዓመት ሲሞላው ቦርዱ ፊት ቀረበ። በመጀመሪያው ዓመት የሽንት ምርመራው ኮኬይን አሳይቶ በዲሲፕሊን ተቀጥቷል። ከዚያ በኋላ የሱስ ማገገሚያ ትምህርቱን ጨርሷል፤ ላለፉት አሥራ አራት ወራት የተደረጉ ምርመራዎች በሙሉ ንጹህ ናቸው። የማረሚያ ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል።

አባላቱ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይጠይቁታል፤ “ማደያውን ለምን ዘረፍክ?” እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። “ሱሰኛ ስለነበርኩ” ማለት እውነት ነው፤ ግን መልስ አይሆንም፤ ሱሰኛ ሁሉ አይዘርፍምና። “በጣም ተጸጽቻለሁ፣ ዳግም አይለምደኝም” ማለትም ስለ መጪው ጊዜ የሚነግራቸው ትንሽ ነው። የሚፈልጉት ሰውየው የራሱን ሰንሰለት ማወቁን ነው። ሥራ ማጣቱ፣ ለማንም ሳይናገር ብቻውን መቆየቱ፣ ያ ጓደኛ መደወሉ፣ ዕዳው፣ ከዚያ ቢላዋው። “ከእነዚህ የቱ ላይ ማቆም ትችል ነበር? ነገ ሥራህን ብታጣ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ታደርጋለህ?” ብለው ያጠብቃሉ። እውነተኛ ለውጥ የሚታወቀው መልሱ ዝርዝር ሲኖረው ነው። ለማን እንደሚደውል፣ ምልክቶቹ ምን እንደሆኑ፣ ከዚህ በፊት ምልክቱ ሲመጣ ምን እንዳደረገ የሚናገር ሰው ነገሩን ኖሮበታል። የመጀመሪያውን ዓመት የሽንት ምርመራ ራሱ አንሥቶ ያ ቀን እንዴት እንደተፈጠረ ቢያስረዳ፣ የሚያዳክመው የሚመስለው ነገር ያጠነክረዋል።

ከዚያ ወደ ዕቅዱ ይሄዳሉ። ሰውየው ወንድሙ ቤት ለመኖር ነው ያሰበው። ወንድሙ ጥሩ ሰው ነው፣ ፍላጎቱንም በደብዳቤ ገልጿል። ነገር ግን ኦፊሰሮች ሄደው ሲያዩት ቤቱ ዕፅ ሻጩ ጓደኛው ካለበት ሠፈር ነው፤ ወንድሙም የሌሊት ሠራተኛ ስለሆነ ማታ ቤት ውስጥ ሰው የለም። ዝርፊያዎቹ የተፈጸሙት ሌሊት ነበር። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ቅር የሚሰኘው በእንዲህ ያለው ነጥብ ነው፤ ፍቅራቸው የተናቀ ይመስላቸዋል። ቦርዱ የሚያየው ግን የወንድሙን ፍቅር አይደለም፤ የሌሊቱን ባዶ ቤት ነው።

ውሳኔው በአብዛኛው በዚያው ቀን በቃል ይነገራል፤ የጽሑፍ ምክንያቱ ይከተላል። በምሳሌያችን ሙሉ አመክሮ ተከልክሎ የስድስት ወር የቀን አመክሮ ተፈቀደለት፤ በሌላ ከተማ ባለ የሽግግር መኖሪያ እንዲያድር ተባለ። የቀን አመክሮ በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለስድስት ወር ነው የሚሰጠው፤ ከዚያ ሊቀጥል ይችላል። ይህ ውሳኔ “ግማሽ እምቢታ” አይደለም። በሌሊት የሚነሣው ሥጋት ሌሊቱን በሚሸፍን ክትትል ከተያዘ ሰውየው ሊወጣ ይችላል የሚል መልስ ነው።

የሁሉም ግዴታዎችና የእሱ ብቻ የሆኑት

በአመክሮ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚቀበላቸው መደበኛ ግዴታዎች አሉ። ከማረሚያ ቤቱ በቀጥታ ወደተፈቀደለት መኖሪያ ይሄዳል፤ በተባለው ጊዜ ለኦፊሰሩም ለፖሊስም ሪፖርት ያደርጋል። ከተወሰነለት ክልልና ከአገር አይወጣም። ሕግ ያከብራል፤ ፖሊስ ካስቆመው ወይም ከጠየቀው ወዲያው ለኦፊሰሩ ይናገራል። የጦር መሣሪያ አይዝም። የአድራሻ፣ የሥራና የገንዘብ ሁኔታው ለውጥ ሲኖር ያሳውቃል። በሌሎች አገሮችም ዝርዝሩ ብዙም አይርቅም፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ ያለ ኦፊሰሩ ፈቃድ አዲስ ሥራ መጀመርም ሆነ ሌላ ቤት ማደር አይቻልም።

ልዩ ግዴታዎቹ ግን ከሰውየው ሰንሰለት የተቀዱ ናቸው። ሕጉ ተገቢና አስፈላጊ መሆን አለባቸው ይላል፤ ይህም እያንዳንዱ ግዴታ ከአንድ የታወቀ ሥጋት ጋር መያያዝ አለበት ማለት ነው። የኛ ሰው በሐኪም ከታዘዘለትና በመመሪያው መሠረት ከሚወስደው መድኃኒት በስተቀር ዕፅ እንዳይነካ ታዘዘ። ይህ ግዴታ ካለ ኦፊሰሩ የሽንት ምርመራ ማዘዝ ይችላል። በወንጀል ወይም በዕፅ ንግድ ውስጥ እንዳለ ከሚያውቀው ወይም ለማመን ምክንያት ካለው ሰው ጋር እንዳይገናኝ ተባለ፤ ጓደኛው እዚህ ላይ ተቆረጠ። ገቢና ወጪውን በየጊዜው ለኦፊሰሩ እንዲያሳይ ታዘዘ፤ ዕዳው የሰንሰለቱ ቀለበት ነበርና። የሱስ ምክር አገልግሎት እንዲከታተል፣ ከተጎዱት የማደያ ሠራተኞች ጋርም በምንም መንገድ እንዳይገናኝ ተደረገ።

አልኮል ግን አልተከለከለም። ኦፊሰሩ “ለጥንቃቄ” ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ሆኖም ከዝርፊያዎቹም ሆነ ከቀደመ ታሪኩ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልተገኘም። ይህ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ አይደለም። ግዴታ በበዛ ቁጥር የሚጣስበት ዕድል ይበዛል፤ ከወንጀሉ ጋር የማይገናኝ ግዴታ መጣስም ሰውየውን መልሶ ሊያሳስር ይችላል። ግዴታ በርከት ቢል ደኅንነት ይጨምራል የሚለው አስተሳሰብ የሥራ ሰዓትን፣ የምክር ቀጠሮን፣ ሪፖርትንና የሰዓት እላፊን በአንድ ቀን ላይ ቆልሎ ሰው ሥራውን እንዲያጣ ሲያደርግ ይታያል። ሥራ ማጣት ደግሞ የዚህ ሰው ሰንሰለት የመጀመሪያው ቀለበት ነው።

ዜጋ ላልሆነ ሰው ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። የማስወጣት ትእዛዝ የተሰጠበት ታራሚ፣ ትእዛዙ ካልታገደ፣ የቀን አመክሮ ማግኘት የሚችልበት ቀን ወደ ሙሉ አመክሮው ቀን ይገፋል። ሙሉ አመክሮ ሲያገኝም ከአገር ሊባረር ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ያለ ሰው ከማመልከቱ በፊት የስደተኞች ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ማማከር አለበት።

ግዴታ ሲጣስ

በአራተኛው ወር የሰውየው የሽንት ምርመራ ኮኬይን አሳየ እንበል። ወዲያው ተመልሶ ይታሰራል? የግድ አይደለም። ኦፊሰሩ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው፣ የምክር ቀጠሮውን ሊያጠብቅ ወይም አመክሮው እንዲታገድና እንዲያዝ ማዘዣ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ በጥሰቱ ዙሪያ ያለው ነገር ነው። ከምርመራው በፊት ራሱ ደውሎ “ትናንት ወድቄያለሁ” ያለ፣ በሥራው ላይ የቆየ ሰው ሥጋቱ ገና በእጅ ነው። ሁለት ቀጠሮ ያለፈ፣ ስልክ የማያነሣ፣ ከጓደኛው ጋር የታየ ሰው ግን ሰንሰለቱን እንደገና ጀምሯል፤ አዲስ ወንጀል እስኪፈጽም አይጠበቅም።

ከታገደ ማረሚያ ቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ እገዳውን ማንሣት ወይም ጉዳዩን ወደ ቦርዱ መላክ አለበት። ወደ ቦርዱ ከሄደ በዘጠና ቀን ውስጥ ይታያል። ቦርዱ እገዳውን አንሥቶ ሊለቀው፣ ግዴታ ሊለውጥ ወይም ሊጨምር፣ አለዚያም አመክሮውን ሊሰርዝ ይችላል። ከተሰረዘ የሚወጣበት ቀን እንደገና ይሰላል፤ ከቀረው ቅጣት ሁለት ሦስተኛውን ውስጥ ሆኖ ይፈጽማል። ውጭ ያሳለፋቸው ወራት ግን አይጠፉበትም፤ ቅጣቱን እየፈጸመ እንደቆየ ይቆጠርለታል። ይህ በሁሉም አገር እንደዚህ አይደለም፤ በአመክሮ ያሳለፉት ጊዜ የሚሰረዝባቸው ሥርዓቶችም አሉ።

በውሳኔው ያልተስማማ ሰው በሁለት ወር ውስጥ ለቦርዱ የይግባኝ ክፍል ማመልከት ይችላል። እዚያ የሚያዋጣው ክርክር “ለውጤን አላዩልኝም” የሚለው ሳይሆን ውሳኔው በተሳሳተ ወይም ባልተሟላ መረጃ ላይ መመሥረቱን፣ አካሄዱ ፍትሐዊ አለመሆኑን ወይም ሕግ መጣሱን ማሳየት ነው። ግዴታን ለማስለወጥ ደግሞ ይግባኝ አያስፈልግም፤ በማመልከቻ ይጠየቃል። ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰና ሂሳቡን በየወሩ ያለ እንከን ያሳየ ሰው የገንዘብ ሪፖርቱ እንዲነሣለት ሲጠይቅ፣ ማስረጃውን ከማመልከቻው ጋር አያይዞ ማቅረብ አለበት።